አንድ ቢል ሳይከፈል አለፈ፤ ክሬዲት ስኮራችሁ ምን ይሆናል? እንዴትስ ቶሎ ይመለሳል?

አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ክሬዲታችን የሚበላሸው ሁልጊዜ ገንዘብ አጥተን አይደለም። አገር ቤት ሄደን ስልኩ ሲዘጋ፣ ቤት ቀይረን ፖስታው በድሮው አድራሻ ሲቀር፣ ባንክ ቀይረን ኦቶፔዩን ማዞር ስንረሳ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ስህተት ደግሞ ከመጀመሪያው ይብሳል። አንዱ ተናዶ ካርዱን ይዘጋዋል። ሌላው «ክሬዲት እናጸዳለን» ለሚል ሰው ገንዘብ ይሰጣል። ሌላው የአንድ ወር ክፍያ ብቻ ልኮ «ጨረስኩ» ይላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ለማሳያ አንዲት ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት እናስብ። ሁለት ክሬዲት ካርድ አላት። አንዱ ሊሚቱ 4,000 ዶላር ሆኖ 2,600 ዕዳ አለበት። በየወሩ በኦቶፔይ ይከፈላል። ሁለተኛው አሮጌ ካርድ ነው፤ ሊሚቱ 1,000 ዶላር ነው። የምትጠቀምበት አይመስላትም፤ ግን የረሳችው የ15 ዶላር ወርሃዊ ሰብስክሪፕሽን ይቆረጥበታል። እናቷ ታመው ጥር መጀመሪያ ላይ (በፈረንጆቹ ጃንዋሪ) አዲስ አበባ ሄደች። የአሮጌው ካርድ መክፈያ ቀን ጃንዋሪ 18 ነበር። የተመለሰችው ማርች 3 ነው።

## ደረጃ 1፦ ቀን ቁጠሩ

ምንም ከማድረጋችሁ በፊት መክፈያው ቀን ካለፈ ስንት ቀን እንደሆነ ቁጠሩ። ሁሉም ነገር በዚህ ቁጥር ላይ ነው የሚወሰነው።

ከ30 ቀን በታች ከሆነ ስኮራችሁ ገና አልተነካም። ኩባንያው የዘገየ ክፍያ ቅጣት ሊጥልባችሁ ይችላል፤ ወለድም ይቆጠራል። የክፍያ ታሪካችሁን ለሚመዘግቡት ክሬዲት ቢሮዎች ግን «ዘግይቷል» ብሎ የሚያሳውቀው 30 ቀን ሲሞላ ነው። በአምስተኛው ቀን አይታችሁ የደነገጣችሁ ሰዎች፣ አሁኑኑ ክፈሉና ተረጋጉ።

ከ25 እስከ 29 ቀን ከሆነ ሰዓቱ ጠቧል። ቼክ በፖስታ አትላኩ። ክፍያው በሌላ ድርጅት በኩል ዞሮ የሚሄድ ከሆነም ቀናት ሊፈጅ ይችላል። በራሱ በካርዱ ድረ ገጽ ወይም በስልክ ክፈሉ፤ ከዚያ የማረጋገጫ ቁጥሩን ጻፉ፣ የስክሪኑንም ፎቶ አስቀምጡ። በኋላ ክርክር ከመጣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የላችሁም።

ከ30 ቀን በላይ ከሆነ የመዘግየት ምልክቱ ሪፖርታችሁ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ግን ነገሩ እዚያ ላይ አይቆምም። ቀጣዩ መስመር 60 ቀን ነው፤ ከዚያ 90፣ ከዚያ 120 እያለ ይሄዳል። ክሬዲት ካርድ 180 ቀን ሲሞላው ኩባንያው ሒሳቡን ከመዝገቡ አውጥቶ እንደ ኪሳራ ይይዘዋል። እያንዳንዱ መስመር ከፊተኛው የከበደ ጉዳት አለው። 60 ቀን ላይ ሌላም አለ፦ የካርዱ ኩባንያ ባለው ዕዳችሁ ላይ የቅጣት ወለድ መጣል የሚችለው ከዚያ ጀምሮ ነው።

የእኛ ሴት ማርች 3 ስትመለስ 44 ቀን ሆኗታል። የ30 ቀኑ አምልጧታል። የ60 ቀኑ ማርች 19 ነው። ገና 16 ቀን አላት።

አንድ ልዩነት ልብ በሉ። የፌዴራል የተማሪ ብድር ለቢሮዎቹ እንደዘገየ የሚነገረው 90 ቀን ሲሞላ ነው። የመኪና ብድር፣ የቤት ብድርና ክሬዲት ካርድ ግን በ30 ነው።

## ደረጃ 2፦ ያለፈውን ሙሉ በሙሉ ክፈሉ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ በዝግታ እንሂድ።

ሒሳቡን ስትከፍቱ ሁለት ቁጥር ታያላችሁ። አንዱ `Minimum Payment Due` ይላል። ሌላው `Past Due` ይላል፤ ያለፈባችሁ ገንዘብ እሱ ነው። መጀመሪያ የምትመለከቱት ይህን ሁለተኛውን ነው።

አንድ ሰው በየወሩ 40 ዶላር መክፈል አለበት እንበል። የማርችን ሳይከፍል ቀረ። ኤፕሪል ላይ 40 ዶላር ላከ። ሜይ ላይም 40 ላከ፣ ጁን ላይም 40። እሱ «አንድ ወር ብቻ ነው የዘለልኩት፣ ከዚያ በኋላ በደንብ እየከፈልኩ ነው» ይላል። ኩባንያው ግን የኤፕሪሉን 40 ዶላር የሚይዘው ለማርች ነው። የሜዩን ለኤፕሪል፣ የጁኑን ለሜይ። ሰውየው ሁልጊዜ አንድ ወር ወደኋላ ነው። በየወሩ አዲስ የ30 ቀን ምልክት ሊቀመጥበት ይችላል። አንድ ጊዜ የዘለለ ሰው ሪፖርቱ ላይ አራት አምስት ምልክት የሚያገኘው እንዲህ ነው። ይህ ሰው ያጠፋው አንድ 80 ዶላር በአንድ ጊዜ አለመክፈሉ ነው።

ከሚኒመሙ ያነሰ መላክም ሰዓቱን አያቆመውም። 40 የተጠየቀ ሰው 25 ቢልክ፣ ሒሳቡ ያው ያልተከፈለ ነው።

ስለዚህ የምትከፍሉት ያለፈውንም የዚህን ወርም አንድ ላይ ነው። ከከፈላችሁ በኋላ ሁለት ሦስት የሥራ ቀን ጠብቁና እንደገና ግቡ። `Past Due` የሚለው ቦታ ዜሮ ካላሳየ አልጨረሳችሁም፤ ደውሉና ስንት እንደቀረ ጠይቁ።

የእኛ ሴት ዕዳ፣ የሦስት ወር ሰብስክሪፕሽንና ቅጣቱ ተደምሮ፣ መቶ ዶላር አይሞላም። ያንኑ ዕለት ሙሉውን ከፈለች። ሰብስክሪፕሽኑንም ሰረዘች። «ለ15 ዶላር ነው እንዴ ክሬዲቴ የሚበላሸው?» ብትሉ፣ አዎ። ሪፖርቱ ላይ የሚቀመጠው «30 ቀን ዘገየ» የሚለው ነው። አሥራ አምስት ዶላር ነው ብሎ የሚያዝንላችሁ የለም።

ሙሉውን መክፈል ካልቻላችሁስ? ሳትከፍሉ ዝም አትበሉ። 60 ቀን ከመሙላቱ በፊት ደውሉና ችግር ላይ ላለ ደንበኛ የሚሰጡት የክፍያ ፕሮግራም እንዳለ ጠይቁ። ስትስማሙ አንድ ጥያቄ አትርሱ፦ «በዚህ ፕሮግራም ላይ ሳለሁ ለክሬዲት ቢሮዎቹ ምን ብላችሁ ነው የምታሳውቁት?» መልሱን በጽሑፍ እንዲልኩላችሁ አድርጉ።

## ደረጃ 3፦ ከከፈላችሁ በኋላ ደውሉ

ሳትከፍሉ ከደወላችሁ ወሬው ሁሉ ስለ ዕዳው ይሆናል። ከፍላችሁ ስትደውሉ ግን ጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።

ሁለት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው የዘገየ ክፍያ ቅጣቱን እንዲያነሱላችሁ ነው። ከዚህ በፊት ዘግይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ። ሁለተኛው ወለዱ ጨምሮ እንደሆነ ነው። የቅጣት ወለድ ከተጣለባችሁ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ተከታታይ ክፍያዎች በሰዓቱ ከከፈላችሁ ባለው ዕዳ ላይ ወደ ድሮው እንዲመልሱት ሕጉ ያስገድዳቸዋል።

በዚህ ስልክ ላይ የ30 ቀኑን ምልክት እንዲያነሱ ብትጠይቁ፣ ስልኩን ያነሳው ሠራተኛ «አልችልም» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ እሱ አይችልም። ለእሱ ሌላ መንገድ አለ፤ ደረጃ 5 ላይ እንመጣበታለን።

ካርዱን አትዝጉ። መዝጋት ምልክቱን አያጠፋውም። ይልቅስ ሊሚቱን ታጣላችሁ፤ ያ ደግሞ ደረጃ 6 ላይ የምንሠራውን ሥራ ያበላሸዋል።

## ደረጃ 4፦ ሦስቱንም ሪፖርት አውጡ

ቢሮዎቹ ሦስት ናቸው፦ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን። ሪፖርታቸው በ `AnnualCreditReport.com` በነጻ ይገኛል፤ በየሳምንቱ ማውጣት ይቻላል። አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉት። ስሙን አመሳስለው ገንዘብ የሚጠይቁ ገጾች አሉ፤ ክሬዲት ካርድ ቁጥር ከጠየቃችሁ የተሳሳተ ቦታ ገብታችኋል።

ከከፈላችሁ ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ አውጡት፤ ኩባንያዎቹ የሚያሳውቁት በወር አንዴ ስለሆነ። ካርዱን ፈልጉና ሦስት ነገር ተመልከቱ። አሁን ያለው ሁኔታ በሰዓቱ እየተከፈለ እንደሆነ ይላል ወይ? የዘገየው ምልክት በትክክለኛው ወር ላይ ነው ወይ? 30 ብቻ ነው ወይስ 60 ብሎታል?

በነገራችን ላይ፣ ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ የሚያሳየው ስኮርና ባንኩ የሚያየው ስኮር ላይገጥም ይችላል። ለምሳሌ ክሬዲት ካርማ የሚያሳየው ቫንቴጅስኮር የሚባለውን ነው። አበዳሪዎች በብዛት የሚጠቀሙት ግን ፋይኮን ነው። በሁለቱ መካከል 30 ወይም 40 ነጥብ ልዩነት ብታዩ አትደናገጡ። አንዱን ያዙና በእሱው ተከታተሉ።

## ደረጃ 5፦ ምልክቱ ስህተት ነው ወይስ እውነት?

መልሱ መንገዳችሁን ለሁለት ይከፍለዋል። ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ስህተት ከሆነ ዲስፒውት ታደርጋላችሁ። ለምሳሌ በ28ኛው ቀን ከፍላችሁ 30 ቀን ዘገየ ካለ፣ ወይም የ30ውን 60 ካደረገው። ክፍያው የወጣበትን የባንክ ስቴትመንትና የማረጋገጫ ቁጥሩን አያይዙ። ስህተቱ ላለበት ቢሮም፣ ለካርዱ ኩባንያም ላኩ። ቢሮው አጣርቶ ለመመለስ በአብዛኛው 30 ቀን አለው። ማረጋገጥ ካልቻለ ማንሳት አለበት።

እውነት ከሆነ ዲስፒውት አታድርጉ። «የእኔ አይደለም» ብላችሁ ብትልኩ፣ «ተረጋግጧል» ብሎ ይመለስላችኋል። ቤት ልትገዙ እየተዘጋጃችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ያልተዘጋ ክርክር ሪፖርቱ ላይ መኖሩ የሞርጌጁን ሂደት ሊያጓትተው ይችላል።

እውነት ለሆነ ምልክት ያለው መንገድ የትብብር ደብዳቤ ነው። የሚላከው ለቢሮዎቹ ሳይሆን ለካርዱ ኩባንያ ነው፤ ያውም ክፍያ ወደሚላክበት አድራሻ ሳይሆን ደብዳቤ ወደሚቀበልበት። እንዲህ አድርጋችሁ ጻፉት፦

1. ስማችሁ፣ የካርዱ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች፣ የዘገየው ወር።
2. ምን እንደተፈጠረ በሁለት ዓረፍተ ነገር። «ከጃንዋሪ እስከ ማርች እናቴን ለማስታመም ኢትዮጵያ ነበርኩ፤ በዚህ ካርድ ላይ ሒሳብ እንዳለ አላወቅኩም።» በቃ። ጥፋቱን አምናችሁ ጻፉ፤ ሰበብ አታብዙ።
3. ስታውቁ ምን እንዳደረጋችሁ፦ በዕለቱ ሙሉውን ከፍያለሁ፣ ኦቶፔይ አስገብቻለሁ።
4. አንድ ጥያቄ፦ የዚያን ወር የ30 ቀን ምልክት እንዲያነሱላችሁ።

የአውሮፕላን ቲኬት ወይም የሆስፒታል ወረቀት ካላችሁ ቅጂውን አያይዙ። የሆስፒታሉ ወረቀት በአማርኛ ከሆነ ትርጉሙን ጨምሩበት።

እውነቱን ለመናገር ኩባንያው እሺ የማለት ግዴታ የለበትም፤ ብዙዎቹም «ትክክለኛ መረጃ አንቀይርም» ብለው ይመልሳሉ። ግን ለዓመታት በሰዓቱ የከፈለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የዘገየ ሰው የተሻለ ዕድል አለው፤ ወጪውም የፖስታ ነው። እምቢ ካሉ ሁለት ሦስት ወር በሰዓቱ ከፍላችሁ እንደገና ጻፉ። ሌላ ሠራተኛ እጅ ሊገባ ይችላል።

ተጠንቀቁ፦ «500 ዶላር ስጡኝ፣ በሠላሳ ቀን አጸዳዋለሁ» የሚላችሁ ሰው፣ የእኛው ሰው ቢሆንም፣ አትስጡት። ክሬዲት ለማስተካከል ሥራውን ሳይጨርስ ክፍያ መቀበል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። እሱ ሊያደርግ የሚችለውን ሁሉ እናንተም በነጻ ማድረግ ትችላላችሁ።

## ደረጃ 6፦ ስኮሩን ቶሎ የሚያነሳው ባላንሱ ነው

ፋይኮ ሲሰላ 35 በመቶው የክፍያ ታሪክ ነው፤ 30 በመቶው ደግሞ ያለባችሁ ዕዳ ነው። ታሪኩን በአንድ ቀን መቀየር አትችሉም። ዕዳውን ግን ትችላላችሁ።

የሚታየው ከሊሚታችሁ ምን ያህሉን እንደተጠቀማችሁ ነው። በስፋት በሚሠራበት የፋይኮ ስሌት ይህ ቁጥር ትዝታ የለውም። ባለፈው ወር 65 በመቶ ብትሆኑ፣ በዚህ ወር 10 ከሆናችሁ የሚታየው 10ሩ ነው። የዘገየ ክፍያ ሰባት ዓመት ሲያስታውስ፣ ይኸኛው በወሩ ይረሳል።

የእኛ ሴት ሁለቱ ካርዶቿ ሲደመሩ ሊሚታቸው 5,000 ነው። ዕዳዋ 2,600 ስለሆነ 52 በመቶ ተጠቅማለች። ትልቁ ካርድ ብቻውን 65 በመቶ ነው። ኤፕሪል ላይ ዕቁብ ወጣላት። ከዚያ ላይ 2,200 ዶላር ትልቁ ካርድ ላይ አዋለችው። 400 ቀረ፤ በካርዱ 10 በመቶ፣ በድምሩ 8 በመቶ። አሮጌውን ካርድ ዘግታው ቢሆን ኖሮ ያ 1,000 ሊሚት ስለሚጠፋ ድምሩ 10 ይሆን ነበር። ዕዳው ትልቅ ሆኖ በቆየ ሰው ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል፦ 2,600ውን ሳትከፍል ብትዘጋው ከ52 ወደ 65 ትዘል ነበር።

ቀኑም ወሳኝ ነው። ኩባንያው ባላንሳችሁን ለቢሮዎቹ የሚልከው በአብዛኛው ወሩ ሲዘጋ ነው። ስቴትመንታችሁ ላይ `Statement Closing Date` የሚለውን ፈልጉ። ከመክፈያ ቀን የተለየ ነው። ለምሳሌ የመክፈያ ቀናችሁ 5 ሆኖ የሚዘጋው በ9 ከሆነ፣ ትልቁን ገንዘብ ከ9 በፊት አስገቡ። በ10 ብታስገቡት ገንዘቡ ያው ነው፣ ስኮሩ ግን አንድ ወር ይጠብቃችኋል።

ዕቁብ መክፈላችሁ ራሱ ስኮር አይገነባም፤ የትም አይመዘገብም። የሚጠቅመው ሲወጣላችሁ ዕዳ ላይ ካዋላችሁት ነው።

ገንዘብ ከሌላችሁ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛ፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ወንድም እህት ብዙ ዓመት የቆየ፣ ዕዳ የሌለበት ካርድ ካለው፣ ስማችሁን እንደ ተጠቃሚ ማስገባት ይችላል። ግን እሱ ከዘገየ የእሱ ምልክት እናንተም ላይ ይመጣል። ሁለተኛ፣ ሊሚት እንዲጨምሩላችሁ መጠየቅ። ይህን ከዘገየው ክፍያ በኋላ ወዲያው አታድርጉት፤ ስድስት ወር አሳልፉ፤ ስትጠይቁም ስኮር የሚቀንሰውን የሪፖርት ፍተሻ እንደማያደርጉ አረጋግጡ። አዲስ ካርድ መክፈትን ለጊዜው ተዉት።

## ደረጃ 7፦ ዳግም እንዳይደርስ

ሁሉም ካርድ ላይ፣ የማትጠቀሙበትም ላይ፣ ለሚኒመሙ ኦቶፔይ አስገቡ። የምትፈልጉትን ያህል በእጃችሁ ጨምራችሁ ትከፍላላችሁ፤ ኦቶፔዩ ግን 30 ቀን እንዳያልፍ ይጠብቃችኋል። ገንዘቡ የሚወጣበት አካውንት ባዶ ከሆነ ክፍያው ይመለሳል፣ እንዳልተከፈለም ይቆጠራል።

አገር ቤት ስትሄዱ የባንኩ ኮድ በአሜሪካ ስልካችሁ ነው የሚመጣው። ቁጥሩን ከዘጋችሁት ወደ ሒሳባችሁ መግባት አትችሉም። ከመሄዳችሁ በፊት ወይ ቁጥሩን በርካሽ ፕላን አቆዩት፣ ወይ ኮዱ በኢሜይል ወይም በአፕ እንዲመጣ ቀይሩት።

## ከዚህ በኋላ ጊዜው እንዴት ይሄዳል?

ፋይኮ በ2011 የቤት ብድር ላይ የ30 ቀን መዘግየት ምን እንደሚያደርግ አስልቶ አውጥቶ ነበር። 780 የነበረው ሰው ወደ 670–690 ወረደ፤ 720 የነበረው ወደ 630–650፤ 680 የነበረው ወደ 600–620። ወደነበረበት ለመመለስ ደግሞ 680 የነበረው ዘጠኝ ወር ገደማ ሲፈጅበት፣ 720 የነበረው ሁለት ዓመት ተኩል፣ 780 የነበረው ሦስት ዓመት ያህል ፈጀበት። ከፍ ያለው ሰው ብዙ ይወድቃል፣ ለመመለስም ይዘገያል። ቁጥሩ በየሰዉ ሪፖርት ይለያያል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከባዶቹ ናቸው። ምልክቱ አዲስ ስለሆነ ብዙ ይመዝናል። በዚህ ጊዜ የሚያነሳችሁ ደረጃ 6 ነው። መኪና ለመግዛት ካላስገደዳችሁ ቆዩ።

አንድ ዓመት ሲሞላ አበዳሪዎች አጥብቀው የሚያዩት ያለፉትን 12 ወራት ስለሆነ አነጋገራቸው ይለዝባል። ሞርጌጅ እየጠየቃችሁ ካርዱን ገና ከከፈላችሁትና ስኮሩ ካልተስተካከለ፣ ብድሩን የሚሠራላችሁን ሰው ራፒድ ሪስኮር እንዲጠይቅ ንገሩት። አዲሱን ባላንስ በቀናት ውስጥ ያስገባል። ይህን በግላችሁ ማዘዝ አይቻልም፣ በአበዳሪው በኩል ብቻ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ መዘግየት ካልተጨመረ ምልክቱ ይኖራል እንጂ ክብደቱ በጣም ይቀንሳል።

ሰባት ዓመት ሲሞላ ከሪፖርቱ ይወጣል። የሚቆጠረው ከዘገያችሁበት ቀን ነው፤ ከከፈላችሁበት ወይም ካርዱ ከተዘጋበት ቀን አይደለም። ጊዜው አልፎ አሁንም ካያችሁት፣ ያኔ በትክክል ዲስፒውት የሚደረግ ስህተት ሆኗል፤ ቀኑን ጠቅሳችሁ ላኩ።